ምዕራፍ 7፤ ዳራው ሲለወጥ ምንጩ እንዲጠበቅ

በስቱዲዮ ግራጫ መጋረጃ ፊት የተነሣውን ሰው ከመጋረጃው ለይቶ በሌላ ስፍራ ላይ ማቆም በብዙ ፎቶ ቤቶች የዕለት ሥራ ከሆነ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚዘጋ ጉዳይ አለመሆኑን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው፣ ደንበኛው ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ «ቤተ መንግሥቱ ቀርቶ ሐይቁ ይሁንልን» ያለው ባለሙያ ነው። ይህ ባለሙያ ፋይሉን ከፍቶ፣ ሙሽሮቹና ሕንፃው በአንድ ሌየር ተዋሕደው፣ የቬሎው ጠርዝ በአሮጌው ሰማይ ቀለም ተነክሮ፣ ጥላውም ከድንጋዩ ወለል ጋር ተጣብቆ ያገኘው እንደ ሆነ፣ ሁሉንም ከጥንቱ ጀምሮ እንደገና ከመሥራት በቀር ሌላ መንገድ አይኖረውም። እንግዲህ ሐተታችን የሚያተኩረው ተቆርጦ የተቀመጠው ነገር ሁሉ ምንጩን ሳያጣ፣ እርማቱም ከምንጩ ጋር ሳይቀላቀል፣ ሁለቱ ተለያይተው እየኖሩ እንደ አንድ ሥዕል እንዲታዩ በሚያደርገው የፋይል ሥርዐት ላይ ነው።

የቀድሞ ጸሐፍት ብራና ባጠራቸው ጊዜ አሮጌውን ጽሕፈት በስለት ፍቀው በላዩ አዲስ ይጽፉ ነበር፤ የተፋቀውን ንባብ ግን ጸሐፊው ራሱ ቢፈልገው እንኳ መልሶ ሊያነብበው አይቻለውም። በፎቶሾፕ ማጥፊያውን ይዞ የመጋረጃውን ፒክስል የሚያጠፋ፣ ቀለሙንም በቀጥታ በሥዕሉ ላይ የሚለውጥ ሰው የሚያደርገው ይኸንኑ ፍቀት ነው፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ የጠፋው ፒክስል በዚያ ፋይል ውስጥ የትም የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚህ የሚያድን ብዙ መንገድ አልነበረም፤ በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የመጀመሪያው ፎቶሾፕ ሌየር እንኳ አልነበረውም። ሌየር የመጣው በ1994፣ አድጀስትመንት ሌየር በ1996፣ ሌየሮችን በአንድነት የሚይዘው ግሩፕ በ2000፣ ስማርት ኦብጀክት ደግሞ በ2005 ነው። አራቱ በየጊዜው የመጡ ይሁኑ እንጂ ለትዕይንት ለውጥ የሚጠቅሙት አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ሲቆም ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች የምንመለከታቸው በአንድ ሥራ ውስጥ እንደ ተገናኙ ነው።

ለአብነት የምንወስደው ሥራ አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት በአዲስ አበባ በአንድ ፎቶ ቤት ሙሉ ቁመታቸው እየታየ ተነሥተዋል፤ ዋናው መብራት ለስላሳ ሆኖ በግራ በኩል ከራሳቸው ጥቂት ከፍ ካለ ቦታ ወርዷል፤ ካሜራው ከወለሉ 1 ሜትር ከ40 ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ፋይሉም ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 6000 ፒክስል የሆነ ሮው ነው፤ ይህም 40 በ60 ሳንቲሜትር ሆኖ ሲታተም ለእያንዳንዱ ሳንቲሜትር 100 ፒክስል ይደርሰዋል። እርሱ በወርቅ የተጠለፈ ጥቁር ካባ ደርቧል፤ እርሷ ነጭ ቀሚስ ለብሳ እስከ ምድር የሚወርድ ስስ ቬሎ አድርጋለች። ቤተሰቡ በመጀመሪያ የጠየቀው በጎንደር በፋሲል ግቢ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በተሠራው በዐፄ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥት ፊት ቆመው እንዲታዩ ነው፤ በኋላ ግን ሁለተኛ ቅጂ በጣና ዳር፣ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ስትቃረብ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ።

ሥራው የሚጀመረው የሙሽሮቹን ፋይል በ `File > Open as Smart Object` በመክፈት ነው። በዚህ መንገድ የገባ ሮው በሌየሮቹ ዝርዝር ውስጥ አንድ ሌየር መስሎ ይታይ እንጂ፣ በውስጡ ካሜራው የመዘገበው ብርሃን ሁሉ እንዳለ ተሸክሟል፤ ትንሿን ምስሉን ሁለት ጊዜ ሲጫኑም የ`Camera Raw` መስኮት ተመልሶ ይከፈታል። የስማርት ኦብጀክት ባሕርዩ ይኸው ነው፤ በማያ ገጹ የሚታየው ከውስጥ ካለው ምንጭ በየጊዜው የሚሰላ አምሳል ሲሆን፣ እኛ የምናደርገው ማሳነስ፣ ማዞርና ማጠፍ የሚነካው አምሳሉን እንጂ ምንጩን አይደለም። ተራ ሌየር 4000 ፒክስል ከነበረበት ወደ 400 ዝቅ ብሎ እንደገና ወደ 4000 ቢመለስ ጭጋግ የለበሰ ይሆናል፤ ምክንያቱም በመካከሉ የጠፋውን ዝርዝር የሚመልስለት የለም። ስማርት ኦብጀክት ግን አሥር ጊዜ ቢያንስና ቢያድግ ሁልጊዜ የሚሰላው ከመጀመሪያው ምንጭ ነው። ይህ ማለት ግን ከምንጩ በላይ ያድጋል ማለት አይደለም፤ ውስጡ 2000 ፒክስል የሆነውን ወደ 4000 ብናሰፋው ስማርት ኦብጀክት መሆኑ ያልነበረውን ዝርዝር አይፈጥርለትም።

የዳራውም ሥዕል ስማርት ኦብጀክት መሆን ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር ስላለ ጥቂት እንቆይበት። ፎቶሾፕ `Replace Contents` የሚባል ትእዛዝ ስላለው፣ የጎንደሩን ሥዕል አስወጥቶ የጣናውን በቦታው ማስገባት በአንድ ንክኪ የሚያልቅ ይመስላል። ትእዛዙ በእርግጥ በዳራው ላይ ያደረግነውን ማሳነስና ማጠፍ፣ የጨመርነውንም ብዥታ ለአዲሱ ሥዕል ያወርሳል፤ ነገር ግን የሚያወርሰው መጠኑን እንደ መቶኛ ነው። ቤተ መንግሥቱ 8000 ፒክስል ሆኖ በግማሽ አንሶ ከነበረ፣ በቦታው የገባው 3000 ፒክስል የሆነ የሐይቅ ሥዕል እርሱም በግማሽ ያንሳል፤ ገጹን ሳይሞላ በዳርና በዳር ባዶ ይተዋል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ሥዕሉን በቀጥታ ሳይሆን በማኅደር ማስገባት ነው። ይኸውም በመጀመሪያ 6000 በ7500 ፒክስል የሆነ ባዶ ፋይል ይከፈትና የጎንደሩ ሥዕል በውስጡ በልኩ ይቀመጣል፤ ከዚያም ይህ ፋይል በ `File > Place Embedded` ወደ ሙሽሮቹ ፋይል ገብቶ፣ ፎቶሾፕ በራሱ ያሳነሰው እንደ ሆነ መጠኑ ወደ 100% ይመለሳል። ከገጹ ይልቅ ሰፊ ስለ ሆነ ግራና ቀኙ አንድ አንድ ሺህ፣ ላይና ታቹም 750 ፒክስል ያህል ትርፍ ይኖረዋል፤ ይህም ዳራውን ወዲያና ወዲህ ለማንሸራተት ይበቃል። ጣና ሲፈለግ ማኅደሩ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ይከፈታል፤ የሐይቁ ሥዕል በጎንደሩ ላይ በሌላ ሌየር ይቀመጣል፤ ጎንደር ዓይኑ ይዘጋል እንጂ አይሰረዝም፤ ማኅደሩም በ `Ctrl+S` ሲቀመጥ ዋናው ፋይል ወዲያው ይታደሳል። የማኅደሩ ወርድና ቁመት ስላልተለወጠ በውጭ ያለው ሁሉ ከቦታው አይናወጥም።

የዳራው ብዥታ በማኅደሩ ውስጥ ሳይሆን በውጭ፣ በማኅደሩ ላይ ይደረጋል። በስማርት ኦብጀክት ላይ የተጨመረ `Gaussian Blur` ስማርት ፊልተር ሆኖ ከሌየሩ ሥር ስሙ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ስሙን ሁለት ጊዜ በመጫን ልኩን መለወጥ ይቻላል። ሙሽሮቹ አጠገብ ላለው ቤተ መንግሥት 4 ፒክስል ቢበቃ፣ ርቆ ለሚታየው የጣና ማዶ 10 ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለውጡም የአንዲት ቍጥር ለውጥ ብቻ ነው። የሙሽሮቹ እግር ያረፈበት መሬት ግን መደብዘዝ ስለማይገባው፣ ከስማርት ፊልተሩ ጋር የሚመጣው ማስክ በታችኛው ክፍል በጥቁር ይቀባል።

አሁን ወደ ሙሽሮቹ እንመለስ። የአካላቸው ዙሪያ በ `Select and Mask` ከተጣራ በኋላ ውጤቱ `Selection` ሆኖ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ቀጥሎም የሙሽሮቹ ሌየር «አካል» ተብሎ በሚሰየም ግሩፕ ውስጥ ይገባና ማስኩ በግሩፑ ላይ ይጨመራል። ማስኩ በሌየሩ ላይ ሳይሆን በግሩፑ ላይ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በስማርት ኦብጀክት ላይ በብሩሽ መቀባት ስለማይቻል፣ የፊቱ ላብና የካባው ትቢያ የሚታረመው በላዩ በተጨመረ ባዶ ሌየር፣ መሣሪያውን `Current & Below` ላይ በማድረግ ነው፤ ማስኩ በግሩፑ ላይ ሲሆን ከሥሩ ያለውን ሌየርም የእርማቱንም ሌየር በአንድነት ይገድባል። ጠርዙ አንድ ቀን ቢታረም የሚታረመው በአንድ ስፍራ ብቻ ይሆናል።

በ `Select and Mask` መስኮት ውስጥ `Decontaminate Colors` የሚባል ምርጫ አለ፤ በፀጉር ጫፍ የቀረውን የመጋረጃ ግራጫ ያጠፋልና እጅግ ያጓጓል። ይሁን እንጂ የጠርዙን ፒክስሎች ቀለም በእውነት የሚለውጥ ስለ ሆነ ውጤቱን ሌላ አዲስ ሌየር አድርጎ ያወጣል፤ ያ ሌየርም ከሮው ምንጩ ጋር የነበረውን ግንኙነት ያጣል። የሚሻለው በ«አካል» ግሩፕ ውስጥ ከላይ ባዶ ሌየር ጨምሮ አሠራሩን `Color` ማድረግና፣ ከፀጉሩ ውስጠኛ ክፍል ቀለም ወስዶ በጫፉ ላይ በስሱ መቀባት ነው፤ ብርሃኑና ጨለማው እንደ ነበረ ሆኖ ግራጫው ብቻ ይሸፈናል፤ ሲያስፈልግም ያ ሌየር ብቻውን ይጠፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር መያያዝ አለበት። በባዶ ሌየር ላይ የተደረገው የፊት እርማት የወሰደው ቀለም በዚያ ሰዓት የነበረውን ቀለም ነው። ስለዚህ ከእርማቱ በኋላ ወደ `Camera Raw` ተመልሰን የብርሃኑን ሙቀት ብንለውጥ፣ ከሥር ያለው ፊት ሲለወጥ በላዩ ያለው እርማት አይከተለውም፤ በጉንጩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ከዚህ የሚወጣው ሥርዐት ግልጽ ነው፤ ሮው አስቀድሞ ወደ ርቱዕና ገለልተኛ ቀለም ተስተካክሎ በዚያ ይቆማል፤ የጎንደር ቀትርም ሆነ የጣና ምሽት የሚጠይቀው ቀለም በሮው ውስጥ ሳይሆን ከእርማቱ ሌየር በላይ በሚቆም አድጀስትመንት ሌየር ይሰጣል።

አድጀስትመንት ሌየር የራሱ ፒክስል የለውም፤ የያዘው ትእዛዝ ነው፤ ከሥሩ ያለውን እንዴት እንደሚያሳይ ብቻ ይወስናል። ለጎንደሩ ብሩህ ቀን በ«አካል» ግሩፕ ውስጥ አንድ `Curves` ጨምረን ንጽጽሩን በጥቂቱ ከፍ እናደርጋለን እንበል። ማስኩ በግሩፑ ላይ ሳይሆን በሌየሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ወዲያው የሚያስደነግጥ ነገር ይታይ ነበር፤ ሙሽሮቹ ብቻ ሳይሆኑ ቤተ መንግሥቱና ሰማዩም ይለወጡ ነበር። ምክንያቱ ግሩፕ ሲፈጠር አሠራሩ `Pass Through` ስለ ሆነ ነው፤ በዚህ አሠራር ግሩፑ እንደ ማኅበር ስም ብቻ ነው እንጂ ግድግዳ የለውም፤ በውስጡ ያለ አድጀስትመንት ሌየር፣ የግሩፑ ማስክ ካልገደበው፣ ከግሩፑ ውጭ በታች ያለውን ሁሉ ይነካል። በአንድ ፋይል ውስጥ ይህ ችግር መኖሩን ለማወቅ የ`Curves` ሌየሩን ዓይን እየዘጉና እየከፈቱ ሰማዩን መመልከት ይበቃል። መድኃኒቱም የግሩፑን አሠራር ወደ `Normal` መለወጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በውስጡ ያለው ሁሉ በቅድሚያ በራሱ ይሰላል፤ ውጤቱ እንደ አንድ ሥዕል ሆኖ በዳራው ላይ ይቀመጣል።

ለቬሎው ግን ይህ መድኃኒት ራሱ ሕመም ይሆንበታል፤ በዚህ ምዕራፍ ካለው ሁሉ አንባቢው ረጋ ብሎ እንዲያየው የምፈልገውም ይህን ነው። ስስ ቬሎ ጨርቁም ይታያል፣ በጨርቁ ውስጥ የስቱዲዮው ግራጫም ይታያል። በማስኩ ላይ ያንን ክፍል በግራጫ ቀብተን ግማሽ ብናሳየው፣ ከጨርቁ ጋር ግማሽ የስቱዲዮው ግራጫ አብሮ ይመጣል፤ በቤተ መንግሥቱ ፊትም እንደ ጢስ ይታያል። የሚሻለው መንገድ የሙሽሮቹን ስማርት ኦብጀክት በ `Ctrl+J` አባዝቶ «ቬሎ» ብሎ መሰየም፣ አሠራሩን `Screen` ማድረግ፣ ከአካላቸው ውጭ የተዘረጋው ቬሎ ብቻ እንዲታይ ማስክ ማድረግ፣ በላዩም አንድ `Levels` ጨምሮ በ `Ctrl+Alt+G` ከዚያ ሌየር ጋር ብቻ ማሰር ነው። በ`Screen` አሠራር ጥቁር የሆነ ሁሉ አይታይም። ስለዚህ የስቱዲዮው ግራጫ በ`Levels` ሚዛን 110 ገደማ ከሆነ፣ የጥቁሩ ተንሸራታች ወደ 110 ሲመጣ መጋረጃው ጥቁር ይሆንና ይሰወራል፤ የቬሎው ነጭ ክሮችና እጥፋቶች ብቻ በዳራው ላይ ብርሃን ሆነው ይቀራሉ። ዳራው ሲለወጥ በቬሎው ውስጥ የሚታየውም ራሱ ይለወጣል፤ ማንም በእጁ አይነካውም። መጋረጃው በሁሉም ስፍራ እኩል ካልበራ ግን አንድ ቍጥር ለሁሉ አይበቃም፤ በደመቀው በኩል የቀረችው ግራጫ ነጠብጣብ ስትታይ ለዚያ ስፍራ ብቻ ማስክ ያለው ሁለተኛ `Levels` ይጨመራል።

እንግዲህ ይህ የ«ቬሎ» ሌየር በ`Normal` ግሩፕ ውስጥ ቢገባ፣ ግሩፑ ግድግዳ ስለ ሆነ `Screen` የሚገናኘው ከግሩፑ ውስጥ ካለው ባዶ ጋር ብቻ ይሆናል፤ ዳራውን አያገኘውም። የሚታየውም ምልክት ግልጽ ነው፤ ስስ መሆን የነበረበት ጨርቅ ጥቁር ቁራጭ ሆኖ ቤተ መንግሥቱን ይጋርዳል። ስለዚህ ግሩፑ ሁለት ደረጃ ይኖረዋል። ውጭኛው «ሙሽሮች» የሚባለው `Pass Through` ሆኖ ይቀራል፤ በውስጡ «አካል» የሚባለው `Normal` ሆኖ የራሱን አድጀስትመንት ሌየሮች አጥሮ ይይዛል፤ ከ«አካል» በላይ «ቬሎ» ከታሰረለት `Levels` ጋር በነጻ ይቆማል፤ ከ«አካል» በታች ደግሞ ጫማና ቀሚስ መሬቱን የሚነኩበት ጠባብ ጥላ በ`Multiply` ይቀመጣል። ለአካሉ የተሰጠው የቀለም `Curves` ለቬሎውም እንዲደርስ ያው ሌየር `Alt` ተይዞ ወደ ላይ ተጎትቶ ይባዛል፤ ከ«ቬሎ» ጋርም ይታሰራል።

ስማርት ኦብጀክቱን በ `Ctrl+J` ያባዛነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ መንገድ የተባዙት ሁለቱ ሌየሮች የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ስለ ሆነ፣ በሮው ላይ የሚደረግ ለውጥ አካሉንም ቬሎውንም እኩል ይደርሳቸዋል። `New Smart Object via Copy` በሚባለው ትእዛዝ ቢባዛ ግን ሁለት ነጻ ምንጮች ይሆናሉ፤ በአንዱ የተደረገው በሌላው አይታይም፤ በትከሻዋ ላይ አካሉና ቬሎው በሚገናኙበትም መስመር ቀለሙ ተከፍሎ ይታያል።

ጎንደር በዚህ ይጠናቀቃል፤ የጣና ተራ ሲደርስ ከላይ የተደከመበት ሁሉ ዋጋውን ይሰጣል። በመጀመሪያ የሚመረጠው የሐይቅ ሥዕል ነው፤ በዚህ ምርጫ ላይ ምንም ሌየር አይረዳንም። የሙሽሮቹ ፊት ከግራ በኩል በርቷል፤ ስለዚህ ፀሐይ ከጀርባቸው የምትጠልቅበት ሥዕል ምንም ያህል ቢያምር ለእነርሱ አይሆንም፤ `Curves` የብርሃንን መጠንና ቀለም ይለውጣል እንጂ የመጣበትን አቅጣጫ አይለውጥም። ፀሐይ በግራ ዝቅ ብላ ያለችበት ሥዕል ይፈለጋል። ሁለተኛው የአድማሱ ከፍታ ነው። በደልዳላ መሬት ላይ አድማሱ የሚያቋርጠው በካሜራው ከፍታ ልክ ስለ ሆነ፣ ከ1 ሜትር ከ40 በተነሡት ሙሽሮች ላይ የሐይቁ አድማስ በደረታቸው ግድም ማለፍ አለበት። በቤተ መንግሥቱ ሥዕል አድማሱ ከሕንፃው በስተኋላ ተሰውሮ ስለ ነበረ ጥቂት ስሕተት ይሸፈን ነበር፤ በሐይቅ ላይ ግን መስመሩ ተገልጦ ይታያል፤ በጉልበታቸው በኩል ካለፈ ግዙፋን ይመስላሉ። የማኅደሩ ትርፍ የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ ዳራው ብቻውን ወደ ላይ 500 ፒክስል ያህል ቢነሣ ሙሽሮቹ አይነኩም።

ቀጥሎ ለጎንደር ብቻ የሚሆነውን ከሁለቱ የጋራ ከሆነው መለየት ያስፈልጋል። የአካሉ ማስክ፣ የፊቱ እርማት፣ የፀጉሩ ጠርዝ፣ ቬሎው ከነ `Levels`ና ከእግር ሥር ያለው ጠባብ ጥላ የጋራ ናቸው። የቀለሙ `Curves`ና በመሬቱ ላይ የሚጋደመው ረጅም ጥላ ግን የስፍራው ናቸው፤ ስለዚህ «ጎንደር» በሚል ስም ይለያሉ፤ በአጠገባቸውም «ጣና» የሚባሉ አቻዎች ይሠራሉ። ለጣና በሚሠራው `Curves` የመካከለኛው ብርሃን ጥቂት ዝቅ ይላል፤ በሰማያዊው ቻናል ላይ የብርሃኑ ጫፍ ከ255 ወደ 225 ግድም ሲወርድ ነጩ ቀሚስ የምሽቱን ወርቃማ ኅብር ይለብሳል። ረጅሙ ጥላ ደግሞ ከአካሉ ማስክ ይወለዳል፤ የማስኩ ምስል `Ctrl` ተይዞ ሲጫን ምርጫ ይሆናል፤ በዚያ ምርጫ ላይ ጠቆር ያለ `Solid Color` ሌየር ይጨመራል፤ ከዚያም ወደ ስማርት ኦብጀክት ተለውጦ በ`Distort` ወደ ቀኝ ይጋደማል፤ በ`Gaussian Blur` ይለሰልሳል፤ አሠራሩም `Multiply` ይሆናል። ፀሐይዋ ዝቅ ባለች መጠን ጥላው ይረዝማል፤ ስማርት ኦብጀክት ስለ ሆነም በኋላ ማስረዘም ወይም ማሳጠር አያደበዝዘውም። ነገር ግን ይህ ጥላ ከተሠራ በኋላ የአካሉ ማስክ ቢታረም ጥላው እርማቱን አያውቅም፤ ጥላው እንደገና ከአዲሱ ማስክ መወለድ አለበት።

በየጊዜው የአሥር ሌየር ዓይን መዝጋትና መክፈት ለስሕተት ይዳርጋልና፣ ሁለቱ መልኮች በ `Window > Layer Comps` መስኮት «ጎንደር» እና «ጣና» ተብለው ይመዘገባሉ። በማኅደሩም ውስጥ እንደዚሁ ሁለት መልክ ይመዘገባል፤ ማኅደሩ ሲመረጥ በ `Properties` መስኮት ከሁለቱ አንዱን መጥራት ይቻላል።

ፋይሉ በእውነት ምንጩን የጠበቀ መሆኑን የሚያረጋግጥ አጭር ፈተና አለ፤ ሥራውን ለሌላ ሰው ከማስረከብ በፊት ሁልጊዜ ቢደረግ እወዳለሁ። የሙሽሮቹን ሌየር ዓይን `Alt` ይዞ ሲጫኑ ሌላው ሁሉ ይዘጋል፤ የ«አካል» ግሩፕ ማስክም `Shift` ተይዞ ሲጫን ይታገዳል። በዚህ ጊዜ የስቱዲዮው ግራጫ መጋረጃ እስከ አራቱ ማዕዘን ድረስ ሙሉ ሆኖ፣ መብራቱ ከተሰቀለበት ዘንግ ጋር ሳይቀር፣ ካሜራው እንዳየው መታየት አለበት። ቀዳዳ ያለው ወይም ጠርዙ የተበላ ሆኖ ከታየ አንድ ሰው በመካከሉ `Rasterize Layer` ብሎ ማጥፊያ ተጠቅሟል ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው በክፋት አይደለም፤ በስማርት ኦብጀክት ላይ ብሩሽ ሲሞክሩ ፎቶሾፕ ራሱ ሌየሩ ተራ ይሁን ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ቸኩሎ `OK` ማለት ይበቃል።

የዚህ ሥርዐት ዋጋ የፋይሉ ክብደት ነው። በ`Place Embedded` የገባ ምንጭ ሁሉ በዋናው ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጥ መጠኑ በፍጥነት ያድጋል፤ `PSD` ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ከዚያ ሲያልፍ `PSB` ተብሎ መቀመጥ አለበት። በ`Place Linked` የገባው ዳራ በውጭ ስለሚቀር ፋይሉን ያቀለዋል፤ አንዱ ዳራ ለሃያ ቤተሰብ የሚያገለግል ሲሆንም ይህ መንገድ ይመረጣል፤ ሆኖም ማኅደሩ ከቦታው ቢነሣ ወይም ፋይሉ ብቻውን በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ቢሄድ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ በሌየሩም ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይታያል። ሥራው ከቤት የሚወጣ ከሆነ አስቀድሞ በ `File > Package` ምንጮቹን ሁሉ ከፋይሉ ጋር በአንድ አቃፊ ማሰባሰብ ይገባል።

የመጨረሻው አደጋ የሚመጣው ከማተሚያ ቤት በኩል ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲኤምዋይኬ ሲጠይቅ ዋናውን ፋይል ራሱን መለወጥ አይገባም፤ `Screen`ና `Multiply` በሌላ የቀለም ሥርዐት ሲሰሉ ውጤታቸው ስለሚለወጥ፣ ቬሎውና ጥላው በማያ ገጹ ከታዩት ልዩ ይሆናሉ፤ ከአድጀስትመንት ሌየሮችም አንዳንዶቹ በለውጡ ይጣላሉ። ስለዚህ የሚፈለገው መልክ ከ`Layer Comps` ይጠራል፤ ፋይሉ በ `Image > Duplicate` ትእዛዝ `Duplicate Merged Layers Only` ተመርጦ ይባዛል፤ በዚያ ቅጂ ላይ `Edit > Convert to Profile` ማተሚያ ቤቱ በሰጠው ፕሮፋይል ይደረጋል፤ ቅጂውም `TIFF` ሆኖ ይላካል። ዋናው ፋይል በአርጂቢ፣ ሌየሮቹ ሳይዋሐዱ፣ ሮውም በውስጡ እንዳለ በመዝገቡ ይቀመጣል።